ከሃቡ ላይ ግማሹ ፖርት ለምን አይሠራም?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ሆኜ ከቤት ነው የምሠራው። ላፕቶፔ ሁለት ታይፕ ሲ እና አንድ የድሮው ዓይነት ሰፊ ዩኤስቢ አለው። ቻርጀሩ 65 ዋት ነው፤ በሁለቱም ታይፕ ሲ ይሞላል። ባለ ሰባት ፖርት ሃብ ገዛሁ። በግራ ስሰካው ሞኒተሩ ይሠራል፤ በቀኝ ስሰካው ጭራሽ ምንም አያሳይም። በሃቡ በኩል ቻርጅ ሳደርግ ሥራ ሲበዛ ባትሪው ይወርዳል። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ስጨምር የመጀመሪያውም ይጠፋል። ከሃቡ ጎን ያለችው ታይፕ ሲ ፍላሽ አታነብም። በ4ኬ ሞኒተሩ ላይ ማውዙ ይጎተታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዲስኩ ጠፍቶ ይመለሳል፤ ሁለት ጊዜ ፋይል ተበላሽቶብኛል። ሃቡ ፎርጅድ ነው? ልመልሰው?»

ምላሽ፦

አትመልሺው። ከጻፍሽልኝ ነገር ውስጥ ሃቡ መበላሸቱን የሚያሳይ አንድም የለም። አሰካኩን እንቀይረው።

መጀመሪያ መፍትሔውን ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ከዚያ እናያለን። ቻርጀሩን ከሃቡ ንቀይውና በቀጥታ በላፕቶፑ የቀኝ ታይፕ ሲ ላይ ሰኪው። ሃቡን በግራው ሰኪው። ሞኒተሩ፣ ማውዙ፣ ኪቦርዱና የኔትወርክ ገመዱ ሃቡ ላይ ይሁኑ። የምትሠሪበትን ሃርድ ዲስክ ግን ከሃቡ አውጥተሽ በላፕቶፑ ሰፊ ዩኤስቢ ላይ አድርጊው። ሁለተኛውን ዲስክ ሲያስፈልግሽ ብቻ፣ ለብቻው በሃቡ ላይ ሰክተሽ ተጠቀሚበት።

በዚህ ብቻ ከችግሮችሽ አብዛኞቹ ዛሬውኑ ይቀላሉ። አሁን ወደ ምክንያቱ።

የቀኙ ፖርት ለምን ምስል አያወጣም

ታይፕ ሲ የሚለው ስም የሚነግረን የቀዳዳውን ቅርጽ ብቻ ነው። በውስጡ ምን እንደሚያልፍ አይነግረንም። ሁለት ፖርቶች በመልክ ፍጹም አንድ ሆነው በሥራ ሊለያዩ ይችላሉ። ያንቺ ላፕቶፕም እንደዚያ ነው።

በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ 24 የብረት እግሮች አሉ። አንዳንዶቹ ኮረንቲ ያስተላልፋሉ። አንዳንዶቹ ዳታ ያመላልሳሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ሁለቱ መሣሪያዎች የሚነጋገሩባቸው ናቸው፤ «ኮረንቲ ሰጪው ማነው? ተቀባዩስ? ምስል ትፈልጋለህ?» የሚባባሉት በእነሱ ነው። ምስል ግን ለራሱ ተብሎ የተሠራ መስመር የለውም። የዳታውን ፈጣን መስመሮች ተበድሮ ነው የሚሄደው።

የላፕቶፑ ሠሪ በአንድ ፖርት ምስል እንዲወጣ ከፈለገ ከግራፊክሱ እስከዚያ ፖርት ድረስ መስመር መዘርጋት አለበት። የታይፕ ሲ ደንብ ይህን አያስገድድም። ወጪም ስላለው ብዙ ሠሪዎች ለአንዱ ፖርት ዘርግተው ሌላውን ይተዉታል። የቀኙ ፖርትሽ የተተወው ነው። ኮረንቲ ይቀበላል፣ ዳታ ያመላልሳል፣ ምስል ግን መጀመሪያውኑ አልደረሰውም።

ሃቡ ምስል አይፈጥርም። ከላፕቶፑ የሚመጣለትን ዲስፕሌይፖርት የተባለ ምልክት ወደ ኤችዲኤምአይ ይቀይራል፤ ሥራው ይኸው ነው። የሚቀይረው ካልመጣለት የኤችዲኤምአይ ፖርቱ ዝም ይላል። ማውዙና ኪቦርዱ ግን እዚያው ሃብ ላይ ይሠራሉ፤ ለእነሱ ዳታው ይበቃቸዋል። ሰው ሃቡ በግማሽ የሞተ የሚመስለው በዚህ የተነሳ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ከፖርቱ አጠገብ የታተመውን ትንሽ ምልክት ተመልከቺ። የ«ዲ» እና የ«ፒ» ፊደላት የተቃቀፉበት የሚመስል ምልክት ካለ ምስል ያወጣል። የመብረቅ ምልክትም ብዙውን ጊዜ ተንደርቦልት ማለት ነው፤ እሱም ምስል ያወጣል። የዩኤስቢው ሹካ መሳይ ምልክት ብቻውን ካለ ግን አትተማመኚበት። አንዳንድ ሠሪዎች ምንም ምልክት አያትሙም፤ ያኔ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዘሽ ከሠሪው ዝርዝር መግለጫ ላይ ማየት ነው። ዊንዶውስም አንዳንዴ ራሱ ይናገራል። ሃቡን በማይሆነው ፖርት ስትሰኪ በስክሪኑ ጥግ `Display connection might be limited` የሚል መልእክት ካመጣ ነገሩ አልቋል።

ድራይቨር በመጫን ወይም አፕዴት በማድረግ ይህ አይስተካከልም። ያልተዘረጋ መስመር በሶፍትዌር አይዘረጋም። ምስሉን አጭቆ እንደ ተራ ዳታ የሚልክ ዲስፕሌይሊንክ የሚባል ሌላ ዓይነት ዶክ አለ። ፕሮግራም ከተጫነለት ምስል በሌለው ፖርትም ሞኒተር ያሠራል፤ ለሒሳብ ሥራ ይበቃል፤ ፕሮሰሰሩን ግን ያሠራዋል። ያንቺ የግራ ፖርት ስለሚሠራ ግን ለዚህ ገንዘብ አታውጪ።

65 ዋቱ የት ገባ

በሃቡ ካርቶን ላይ 100 ዋት የሚል ተጽፎ ይሆናል። ያ ቁጥር የሃቡ ጣሪያ ነው፤ «ከዚህ በላይ አላሳልፍም» ማለት ነው። 65 ዋት ቻርጀር ስትሰኪበት ተጨማሪ 35 ዋት ከየትም አያመጣም።

እንዲያውም ይቀንሳል። ቻርጀሩ ሃቡ ላይ ሲሰካ መጀመሪያ የሚያነጋግረው ሃቡን ነው። ቻርጀሩ «20 ቮልት በ3.25 አምፔር መስጠት እችላለሁ» ይላል፤ ሲባዛ 65 ዋት ነው። ሃቡ ከዚያ ላይ ለራሱና ለሚሰኩበት ዕቃዎች የሚሆነውን አስቀድሞ ያነሳል። ይህ ከሃብ ሃብ ይለያያል፤ 15 ዋት የሚያስቀሩ ብዙ ናቸው። ለዚህ ነው አንዳንድ ካርቶን ላይ 100 ይገባል፣ 85 ይወጣል የሚል የሚታተመው። ያንቺም 15 የሚያስቀር ከሆነ ለላፕቶፑ የሚነግረው «20 ቮልት በ2.5 አምፔር አለኝ» ብሎ ነው። 50 ዋት ማለት ነው። ሃቡ ላይ ማውዝ ብቻ ቢሰካ እንኳ ያችን 15 ዋት ያስቀራታል፤ የምትቀነሰው ገና ስምምነቱ ላይ ነውና።

ላፕቶፕሽ ለ65 ዋት የተሠራ ነው። ኢሜይል ስታነቢ ምናልባት 15 ዋት አይበላም፤ ያኔ 50ው ሠርቶ ይተርፋል፣ ባትሪውም ይሞላል። ትልልቅ የኤክሴል ፋይሎች ከፍተሽ፣ ዙም ላይ ሆነሽ፣ ሞኒተሩም በርቶ ሳለ ግን ከ50 በላይ ሊፈልግ ይችላል። የጎደለውን ከባትሪው ይወስዳል። ተሰክቶ እያለ ባትሪው የሚወርደው ለዚህ ነው።

በግምት እንዳይሆን በቁጥር እዪው። ስታርት ላይ `PowerShell` ብለሽ ጻፊ፤ `Run as administrator` የሚለውን መርጠሽ ክፈቺና ይህን አስገቢ።

```
Get-CimInstance -Namespace root/wmi -ClassName BatteryStatus |
  Select-Object PowerOnline, ChargeRate, DischargeRate
```

የሚመጡት ቁጥሮች በሚሊዋት ናቸው። `PowerOnline` ላይ `True` ካለና `DischargeRate` ላይ ለምሳሌ 6000 ካየሽ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶም ባትሪው 6 ዋት እያዋጣ ነው ማለት ነው። ሥራ በበዛበት ሰዓት አንዴ ቻርጀሩን በሃቡ በኩል፣ አንዴ ደግሞ በቀጥታ በቀኙ ፖርት ሰክተሽ አወዳድሪ። በቀጥታ ሲሆን ሙሉውን 65 ዋት ስለሚያገኝ ልዩነቱ ወዲያው ይታይሻል።

ወደፊት በሃቡ በኩል ብቻ መሙላት ካስፈለገሽ ቻርጀሩ ለላፕቶፑ ከሚያስፈልገው ቢያንስ 15 ዋት ይብለጥ። ገመዱንም አትርሺ። ተራ የታይፕ ሲ ገመድ 3 አምፔር ነው የሚችለው፤ በ20 ቮልት 60 ዋት ይሆናል። ከዚያ በላይ ለማሳለፍ በውስጡ መታወቂያ ቺፕ ያለው የ5 አምፔር ገመድ ያስፈልጋል። ቺፑን ያላገኘ ቻርጀር፣ 100 ዋት ቢሆንም እንኳ፣ ለደህንነት ብሎ ራሱን ወደ 60 ያወርዳል። የስልክ ቻርጀር ደግሞ አትሞክሪ። ከ25 ወይም ከ30 ዋት ላይ ሃቡ ድርሻውን ሲያነሳ የሚቀረው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ላፕቶፖች ጨርሶ አይቀበሉትም።

ሁለተኛው ዲስክ ለምን የመጀመሪያውን ያጠፋል

እዚህም ጉዳዩ ዋት ነው፤ አቅጣጫው ግን ይገለበጣል። አሁን ሃቡ ሰጪ ነው፤ ዲስኮቹ ተቀባይ ናቸው።

የሚሽከረከር ትንሹ ሃርድ ዲስክ የራሱ ቻርጀር የለውም፤ የሚኖረው በዩኤስቢው ኮረንቲ ነው። መሽከርከር ሲጀምር ወደ 1 አምፔር ሊስብ ይችላል፤ በ5 ቮልት 5 ዋት ማለት ነው። መሽከርከሩ ከተረጋጋ በኋላ ይቀንሳል። ፈጣኑ ሰፊ ዩኤስቢ በደንቡ የሚሰጠው 0.9 አምፔር ነው። አንድ ዲስክ ሲሆን ጥቂት ይታገሳል፣ ያልፋል።

ሃቡ ግን ያለውን ለሁሉም ፖርቶቹ ማከፋፈል አለበት። ቻርጀር ሳይሰካበት የሚያገኘው ከላፕቶፑ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ላፕቶፖች በታይፕ ሲ ፖርታቸው ቢበዛ 15 ዋት ይሰጣሉ፤ 7.5 ዋት ብቻ የሚሰጡም አሉ። ከዚያ ላይ ሃቡ ምስል ለሚቀይረው ቺፕና ለኔትወርኩ የራሱን ይወስዳል። ቻርጀር ቢሰካበትም ብዙ ሃቦች ለዩኤስቢ ፖርቶቻቸው በድምሩ የተወሰነ ያህል ብቻ ይፈቅዳሉ። ድምሩ 7.5 ዋት ነው እንበል። የመጀመሪያው ዲስክ ተረጋግቶ 3 ዋት እየበላ ነው። ሁለተኛው ተሰክቶ ሲነሳ 5 ዋት ይፈልጋል። 8 ዋት ሆነ። ቮልቱ ይወርዳል፤ የወረደው ለሁሉም ነውና ሰላም ሲሠራ የነበረው ዲስክም አብሮ ይጠፋል።

ምልክቶቹን ታውቂያቸዋለሽ። የዲስኩ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ወይም ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ለመነሳት ይታገላል። ዊንዶውስም `Power surge on the USB port` ሊልሽ ይችላል። ያ ድምፅ ሲሰማ ቶሎ ንቀይው። ደጋግሞ ሳይነሳ መቅረት ለሚሽከረከር ዲስክ ጥሩ አይደለም።

ስለዚህ አንዱ ዲስክ በላፕቶፑ፣ ሌላው ለብቻው በሃቡ። ስልክሽንም በሃቡ ላይ አትሙዪ፤ ከዚያችው ትንሽ ድርሻ ነው የሚሻማው። ሁለት ዲስክ ሁልጊዜ በአንድ ላይ የግድ ካስፈለገሽ ከግድግዳ ሶኬት በራሱ አዳፕተር የሚሠራ የዩኤስቢ ሃብ ግዢ፤ እሱ ከላፕቶፑ ኮረንቲ አይለምንም። መብራት ሲጠፋ ግን እሱም ስለሚጠፋ አዳፕተሩ ዩፒኤስ ላይ ይሰካ።

ከጎን ያለችው ታይፕ ሲ ፍላሽ የማታነበው ደግሞ በዲዛይኗ ነው። አጠገቧ ፒዲ የሚል ወይም የመሰኪያ ምልክት ካለ ቻርጀር መቀበያ ናት። በብዙ ሃቦች ውስጥ የዳታ መስመር ፈጽሞ አልተዘረጋላትም። ፍላሹን በሌላው ፖርት ሰኪው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው፤ ሌላው በአብዛኛው ያሰለቻል እንጂ ፋይል አያጠፋም።

ቻርጀሩ ሃቡ ላይ ተሰክቶ ሳለ ኮረንቲው ከቻርጀር ወደ ሃብ፣ ከሃብ ወደ ላፕቶፕ ነው የሚሄደው። ሃቡም ዲስኩም የሚኖሩት በዚያ ነው። መብራት ሲጠፋ ያ ምንጭ ይቆማል። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አይነካውም። ሃቡ ግን ባትሪ የለውም። አሁን ላፕቶፑ ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት መዞር አለበት፤ በዚያው ገመድ ኮረንቲ ወደ ሃቡ መላክ አለበት። ይህ ዝውውር ጊዜ ይወስዳል። ለእኛ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ለሃቡ ቺፕ ግን ጠፍቶ ለመነሳት ይበቃዋል።

ሃቡ ሲጠፋ በላዩ ያለው ሁሉ ይነቀላል። ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ እንደ አዲስ ይታያል። ለማውዝ ምንም አይደለም። እየተጻፈበት ላለ ዲስክ ግን አንድ ሰው ገመዱን በእጁ መንጭቆ እንደማውጣት ነው። መብራት ሲመለስም ነገሩ ይደገማል፤ ቻርጀሩና ሃቡ ስምምነታቸውን እንደገና ሲጀምሩ ብዙ ሃቦች ለቅጽበት ይጠፋሉ። መብራት አሥር ጊዜ ሄድ መጣ በሚልበት ምሽት ዲስክሽ ሃያ ጊዜ ሊነቀል ይችላል ማለት ነው።

የዩኤስቢ ደንብ አውጪዎች ለዚህ መላ አበጅተውለታል። ዝውውሩ ከሰከንድ ሺኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ እንዲያልቅ የሚያደርግ ፈጣን መቀያየሪያ አለ። ግን ሃቡም ላፕቶፑም ሊያውቁት ይገባል፤ ርካሽ ሃቦች ላይ ብዙ ጊዜ የለም።

አንድ ቢሮ ያየሁትን ልንገርሽ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የፒችትሪ ዳታቸውን በውጭ ዲስክ ላይ አስቀምጣ፣ እዚያው ላይ ከፍታ ነበር የምትሠራው። ዲስኩ ሃቡ ላይ፣ ቻርጀሩም ሃቡ ላይ። የዓመት መዝጊያ ሰሞን መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ስለቀጠለ ምንም የሆነ አልመሰላትም። ፕሮግራሙ ግን ፋይሉ ከእጁ ወጥቶበታል። ከዚያ በኋላ ዳታው አልከፈት አለ። የነበራቸው ቅጂ የሦስት ሳምንት ነበር። የሦስት ሳምንት ደረሰኝ እንደገና ሲመዘገብ አብሬያት አምሽቻለሁ። ፊቷ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ለዚህ ነው ይህን ክፍል ያስረዘምኩት።

እናም ቻርጀሩን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ስትሰኪ ይህ ችግር ከሥሩ ይጠፋል። ሃቡ መብራት ቢኖርም ባይኖርም የሚበላው ከላፕቶፑ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ለሃቡ የሚቀየርበት ነገር የለም። ሞኒተሩ ይጠፋል እንጂ ዲስኩ ንቅንቅ አይልም።

ሁለት ነገር ጨምሪበት። የምትሠሪበት ፋይል በላፕቶፑ የውስጥ ዲስክ ላይ ይሁን፤ የውጩ ዲስክ ለቅጂ ብቻ ያገልግል። ሁለተኛው፣ ዲስኩ በምን እንደተፎረመተ እዪ። ኤክስፋት ከሆነ በድንገት ሲነቀል ይበልጥ ይጎዳል፤ የጀመረውን ለውጥ መዝግቦ የሚይዝበት ማስታወሻ የለውም። ዲስኩን በዊንዶውስ ላይ ብቻ የምትጠቀሚበት ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ ይሻልሻል። መቀየር ግን ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፤ አስቀድመሽ ሁሉንም ሌላ ቦታ ገልብጪ።

አሁን ሁለት ጊዜ የተነቀለውን ዲስክ እንመርምረው። አሁንም የሚነበበውን ፋይል አስቀድመሽ ወደ ላፕቶፑ ገልብጪ። ከዚያ በዚያው `PowerShell` ውስጥ ይህን ጻፊ፤ `E` በሚለው ቦታ የዲስክሽን ፊደል አስገቢ።

```
chkdsk E: /f
```

ማውዙ ለምን ይጎተታል

ምስል የዳታውን ፈጣን መስመሮች ይበደራል ብዬሽ ነበር። እነዚያ መስመሮች አራት ናቸው። ያንቺ ዓይነት ሃብ ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ለምስል፣ ሁለቱን ለፈጣን ዩኤስቢ ያደርጋል። 4ኬ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲታደስ በሰከንድ ወደ 12.5 ጊጋቢት ያስፈልገዋል። በዲስፕሌይፖርት 1.2 ደንብ ግን ሁለት መስመር የሚያሳልፈው 8.64 ብቻ ነው። ስለማይበቃው ሃቡ በሰከንድ ወደ 30 ጊዜ ያወርደዋል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ እንቅስቃሴው ግን ይቆራረጣል። የሚጎተተው ሞኒተሩ ነው እንጂ ማውዙ ደህና ነው።

`Settings`፣ ከዚያ `System`፣ ከዚያ `Display`፣ ከዚያ `Advanced display` ግቢ። ሞኒተርሽን ስትመርጪ 30 ኸርዝ የሚል ታያለሽ። ላፕቶፑ የራሱ ኤችዲኤምአይ ካለው ሞኒተሩን በቀጥታ እዚያ ሰክተሽ ሞክሪ። ከሌለው የምስሉን መጠን ወደ 2560 በ1440 ዝቅ አድርጊ፤ ይህ በ60 ኸርዝ ወደ 6 ጊጋቢት ስለሚፈልግ ያልፋል። ቁጥሮቹ ትንሽ ደብዘዝ ካሉብሽና ዓይንሽን ካስቸገሩሽ ወደ 4ኬ መልሺው። ለኤክሴል ጥርት ያለው በ30 ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው 60ውን እመርጣለሁ።

በ4ኬ 60 የሚሰጥ ሃብ ልግዛ ካልሽ ጥንቃቄ አድርጊ። አንዳንዶቹ ይህን የሚያደርጉት አራቱንም መስመር ለምስል ሰጥተው ነው። ያኔ ለዩኤስቢው የሚቀረው የድሮው ዩኤስቢ 2.0 ብቻ ይሆናል፤ 480 ሜጋቢት ማለት ነው። በፈጣኑ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚገለበጥ 10 ጊጋባይት ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጅብሻል። ሁለቱንም በአንድ ላይ ለማግኘት ላፕቶፑም ሃቡም ዲስፕሌይፖርት 1.4ን፣ ወይም ደግሞ ተንደርቦልትን ማወቅ አለባቸው። ከላፕቶፑ በላይ የሚችል ሃብ ብትገዢ ትርፉ ወጪ ነው።

ዶክ የሚባለውም፣ ያ የራሱ ትልቅ አዳፕተር ያለው፣ በዚሁ ሕግ ነው የሚሠራው። የዋት እጥረቱን ይፈታልሻል። ግን መብራት ሲጠፋ ከነተሰካበት ሁሉ ይጠፋል፤ ዩፒኤስ ከሌለሽ ዲስክ አትሰኪበት። ገመዱ የሚነቀል ከሆነም ከካርቶኑ የወጣውን ገመድ አትለውጪ። የስልክ ቻርጀር ገመድ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ፈጣን መስመሮቹ የሉትም። በእሱ ከተካሽው ላፕቶፑ ይሞላል፣ ማውዙም ይሠራል፣ ሞኒተሩ ግን ይጠፋል።

ሃቡን የምትመልሺው መቼ ነው

ሁሉንም ከሃቡ ንቀይ፤ ቻርጀሩንም ጭምር። ሞኒተሩን ብቻ ሰክተሽ ሃቡን በግራው ፖርት አስገቢ። ከሠራ አውጥተሽ ጫፉን ገልብጠሽ እንደገና ሰኪው። ታይፕ ሲ በሁለቱም በኩል እኩል መሥራት አለበት። በአንዱ በኩል ሠርቶ በሌላው እምቢ ካለ ከእግሮቹ አንዱ ቆሽሿል ወይም ተሰብሯል። ያኔ የማን እንደሆነ ለመለየት ሃቡን ምስል በሚያወጣ ሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ በሁለቱም በኩል ሞክሪው። እዚያም በአንዱ በኩል እምቢ ካለ ችግሩ የሃቡ ነው። እዚያ በሁለቱም በኩል ከሠራ ያንቺ ፖርት ነው፤ ላፕቶፑን አጥፍተሽ በደረቅ የእንጨት ስንጥር አቧራውን ቀስ ብለሽ አውጪ፣ ብረት ግን አታስገቢ።

ቀጥሎ አንድ ፍላሽ ይዘሽ በሃቡ ሰፊ ዩኤስቢዎች ላይ በተራ ሞክሪ። ሌላ ምንም ሳይሰካበት አንዱ ፖርት ብቻ የማያነብ ከሆነ፣ ወይም ሃቡ ምንም ሳይሠራ እጅ እስኪያቃጥል ከጋለ፣ ያኔ ደረሰኝሽን ይዘሽ ወደ ሱቁ ሂጂ።